የቀትሩ ወንዝ ማንን ይጠራል?

መንገደኛን ወደ ውሃና ወደ ጫካ ይስባሉ ስለሚባሉት መናፍስት፣ ተረታቸው ስላዳነውና ስለጎዳው

ከሲኒማ ራስ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚወስደው መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ መንገደኛ አይለየውም። ጆንያ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለች፣ ዱላውን ጨብጦ የከተማውን ግርግር በጥርጣሬ የሚያይ ሽማግሌ፣ ሁሉም በዚህ ያልፋል። ሰፈሩ ስሙን የወረሰው ከሲኒማ ቤቱ ነው፤ ዛሬ ግን ስሙ በብዛት የሚሰማው ከታክሲ ረዳቶች አፍ ነው። ከጨርቁ፣ ከጫማውና ከፕላስቲኩ ንግድ መሐል ዕጣን፣ ከርቤ፣ ድኝ፣ ቀበርቾና እስር እስር ዳማ ከሴ የሚሸጡ ሴቶች አይጠፉም። ዳማ ከሴውን የሚገዛው ባላገር ብቻ አይደለም። የቢሮ ሠራተኛዋም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ከንፈሩ ዳር ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣበትና ራሱን ሲያመው ቅጠሉን አሽቶ ይቀባዋል፣ ጭማቂውን በቡና ይጠጣል። ምን ነካህ ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ ምች መታኝ።

ምች የሚመታው ፀሐይ ስትበረታ ነው ይባላል። ገላውን ታጥቦ ፀሐይ ላይ የወጣ፣ የወጥ ሽታ ይዞ ቀትር ላይ ደጅ የወጣ ሰው ይመታል። የከተማው ሰው ከዚህ በላይ አይሄድም። ከጎጃምና ከጎንደር የመጡት አዛውንቶች ግን የመቺውን ማንነት ጨምረው ይናገራሉ። መቺው የቀትር ጋኔን ነው፤ ቤቱም ወንዝ ዳር፣ ከትልቅ ሾላ ወይም ዋርካ ሥር ነው። ልጅ ሳሉ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ብቻችሁን ወንዝ አትውረዱ ተብለዋል። ምክንያቱ ሲነገራቸውም ውሃው ይጠራችኋል የሚል ነበር። የከተማው ልጅ የወረሰው የዚህን ታሪክ ጭራ ብቻ ነው። መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ ወንዙ፣ ዛፉና ጥሪው ግን ከታሪኩ ወጥተዋል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥሪ ነው። ስለ መናፍስት የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ ይመታል፣ አንዱ ያሳብዳል፣ አንዱ ሕፃን ይቀጥፋል። የሚጠሩት፣ የሚስቡት ግን ለብቻቸው መታየት ያለባቸው ይመስለኛል። ስለ እነርሱ የሚነገረው ታሪክ ከባዶ ፍርሃት የወጣ አይደለም። ሰዎች በዓይናቸው ካዩት፣ በጆሯቸው ከሰሙት የተነሣ ምስክርነት ነው። ምስክርነቱ ስለ ቦታው፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ሁኔታው ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር። የተሳሳተው ምክንያቱን ሲሰጥ ነው፤ ስሕተቱም ዋጋ አስከፍሏል።

መልከ ቀናውን የሚሻ

የቀትር ጋኔን የአገራችን ብቻ አይደለም። በዳዊት መዝሙር፣ በ90ኛው፣ በግእዙ «ጋኔነ ቀትር» ተብሎ ተጠርቷል። ደብተራው በብራና ላይ በሚጽፈው ክታብም ከባርያና ከሌጌዎን፣ ከዓይነ ጥላና ከዛር ጋር ስሙ ይደረደራል። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅ ረጅም ጥቅል ነው፤ ሰውየውን ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ታስቦ ነው። ስላቮችም በአጨዳ ወራት ቀትር ላይ እርሻ ውስጥ የቀረውን ሰው የምትመታ የቀትር ሴት አለቻቸው። ስለዚህ አንድ ተቃዋሚ ገና ከመነሻው እንዲህ ሊል ይችላል፤ ይህ እምነት ከመጽሐፍ ጋር የመጣ ነው እንጂ ከአባይ ወይም ከጀማ ዳር የበቀለ አይደለም፣ ስለዚህ ስለ አገራችን ወንዝ የሚነግረን ነገር የለውም። ስሙን በተመለከተ ልክ ነው። መዝሙሩ ግን ጋኔኑን የሚያነሣው ከሌሎች መቅሠፍቶች ጋር በአንድ ቃል ነው፤ ወንዝ ዳር አላስቀመጠውም፣ ዛፍም አልሰጠውም፣ ሰው ሲጠራም አላሳየም። ይህን የጨመረው የወንዙን መንገድ በየቀኑ የሚወርድና የሚወጣ ሕዝብ ነው።

የዛሩ ታሪክ ጥሪውን የበለጠ ይገልጠዋል። እንደሚተረከው ሔዋን ብዙ ልጆች ወልዳ ሳለ ፈጣሪ ሊጎበኛት መጣ፤ እርሷም ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ ቆንጆ ቆንጆዎቹን ደበቀች። የተደበቁት ተደብቀው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው። ዛሮች የእነርሱ ዘር ናቸው፤ የሚታዩት ሰዎች ደግሞ የቀሩት ልጆች ዘር ናቸው። ስለዚህ ዛር ለሰው ወንድም ነው፤ ይቀናል፣ ይመኛል፣ መልከ ቀናውን አይቶ ይወዳል፣ ይለክፈዋል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አየሁ ከምትባል የዛር ባለሙያና ከተከታዮቿ ዘንድ ብዙ መዝግቧል። እንዲህ ባሉት የዛር ታሪኮች የመጀመሪያው ልክፍት የሚደርሰው በተደጋጋሚ ከቤት ርቆ፣ ውሃ ዳር ወይም ዱር ውስጥ፣ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው። ጠላት የሆነ ጋኔን ዘሎ ይይዛል፤ ዛር ግን የሚመኝ ነውና ይጠራል።

ገደል ለምን አይጠራም?

አንድ ጥያቄ ብናነሣ ነገሩ ይገለጣል። አገራችን የገደል አገር ናት። ከገደል የወደቀ ሰውና ከብት በየቀበሌው አለ። ሆኖም መንገደኛን ስሙን ጠርቶ ወደ ገደል አፋፍ ስለሚስብ መንፈስ የሚነገረው ታሪክ ከወንዙና ከጫካው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። የአንበሳም መንፈስ አይጠራም። ገደልና አንበሳ አስጠንቃቂ አያሻቸውም፤ ራሳቸው ያስፈራሉ፣ እግር በራሱ ያፈገፍጋል።

ወንዝ ግን እንዲህ አይደለም። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ መንገደኛ ላቡ ጀርባው ላይ እየደረቀ፣ ጉሮሮው እየነደደ ሲመጣ የሚያየው ጥላ ነው፣ ረጋ ያለ ኩሬ ነው፣ ሣር ነው። ሁሉም ና አረፍ በል ይለዋል። አደጋው ራሱ በመልካም ገጽ ስለሚታይ «ተጠንቀቅ» የሚል ደረቅ ትእዛዝ አይበቃውም፤ ዓይን ትእዛዙን ይክዳል። ተረቱ ያደረገው ውበቱን ራሱን ምልክት ማድረግ ነው። ጥላው ቢያምርህ፣ ውሃው ቢጠራህ፣ ያኔ ፍራ አለ። የቢሾፍቱን ሐይቅ የመሰለ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ላዩ የረጋ መስተዋት ነው፣ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ይበልጣል፤ ጠርዙም እንደ ወንዝ ዳር ቀስ እያለ አይጠልቅም፣ ጥቂት እርምጃ የገባ ሰው እግሩ የሚቆምበት ያጣል። እንዲህ ባለ ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ሐይቁ ሰው ይወስዳል ሲል፣ ከላይ በማየት የማይታወቀውን እየነገረ ነው።

> ውበቱ ራሱ የአደጋው ምልክት ተደረገ።

በሌላውም ዓለም የሚጠሩት መናፍስት እንዲህ ያለ ቦታ መርጠዋል። በእንግሊዝ ላንክሻየር ወላጆች ልጆቻቸውን ጄኒ ግሪንቲዝ በምትባል አረንጓዴ ጥርስ አሮጊት ያስፈራሩ ነበር። የምትኖረው ላዩን ጥቃቅን አረንጓዴ ቅጠል በሸፈነው ኩሬ ውስጥ ነው፤ ሕፃን ሲያየው ሣር ይመስለዋል፣ ሲረግጠው ይሰምጣል። በጃፓን ካፓ የሚባለው የወንዝ ፍጡር ሥዕሉ ዛሬም በኩሬና በቦይ ዳር ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ሳይጮህ የሄደው ሰው

እስካሁን ያልኩት ስለ ቦታው ነው። ጥሪው ራሱስ? «ውሃው ጠራው» የሚለው ቃል የመጣው ከአዳማቂ ተራኪ ምናብ ብቻ ነው? አይመስለኝም። የመስጠም አደጋ ያየ ሰው የሚናገረውን እናዳምጥ። ብዙው ሰው የሚሰጥም እጁን እያወዛወዘ፣ ኡኡ እያለ ነው ብሎ ያስባል። የነፍስ አድን ባለሙያዎች የሚያዩት ግን ሌላ ነው። የሚሰጥም ሰው አፉ ከውሃው በላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ ያቺን ቅጽበት የሚጠቀምባት አየር ለመሳብ ስለሆነ ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። እጆቹ ራሱን ወደ ላይ ለመግፋት ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ አይወዛወዙም፣ የተወረወረለትን ገመድ እንኳ መያዝ ያቅተዋል። አካሉ ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ከደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በዝምታ ይጠፋል።

አሁን ይህን በወንዝ ዳር ባለ እረኛ ዓይን እንየው። አንድ መንገደኛ ልብሱን አውልቆ ኩሬው ውስጥ ገባ። ቆመ። ቀና ብሎ አየ። ሳይጮህ፣ ሳይታገል፣ ሰው ሳይጠራ ወደ ታች ሄደ። ከቀናት በኋላ አስከሬኑ ውስጡ በተፈጠረው አየር ተነፍቶ ብቅ ሲል፣ ውሃው ወስዶት የነበረውን መለሰው። እረኛው ማታ እሳት ዳር ያየውን ሲናገር ምን ይበል? ሰው በራሱ ፈቃድ እንዲህ አይሞትም፤ ተገዶም ቢሆን ይጮሃል። የቀረው መልስ አንድ ነው፤ ተጠርቶ ሄደ። ዝምታውን እረኛው አልፈጠረም፣ በትክክል አይቶታል። የጎደለው የዝምታው ምክንያት ነው።

የቀትሩም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጠዋትና ማታ ወንዝ ሰው አያጣም። ውሃ ቀጂዋ ትወርዳለች፣ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። ፀሐይ ስትበረታ ሁሉም ወደ ቤቱና ወደ ጥላው ይገባል፤ በዚያ ሰዓት ኩሬ የገባ ሰው የሚያየው የለም።  ስለዚህ ክልከላው የሚናገረው ስለ ውሃው ብቻ አይደለም፤ የሚያወጣህ ሰው በሌለበት ሰዓት አትግባ ይላል። አትሂድ ከሚለው ይልቅ ብቻህን አትሂድ የሚለው ክፍሉ ዛሬም ማንም የመዋኛ አሠልጣኝ የሚደግመው ነው።

ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ሲሞላ

ከሁሉም በላይ ዓይንን የሚያታልለው ግን ደራሽ ነው። ደራሽ ውሃ የሚመጣው ከማታየው ዝናብ ነው። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ደመና ይቋጠራል፣ ይወርዳል። ዛፍ የተራቆተው ተዳፋት ውሃውን አይይዘውም፤ ከየሸንተረሩ ተሰብስቦ አንድ ወንዝ ውስጥ ይገባና ቆላው ጋ ሲደርስ መሽቷል። ቆላው ላይ ጠብታ አልወረደም። ሰማዩ በኮከብ ተሞልቷል። መንገደኛው ለስላሳውን አሸዋ መኝታ አድርጎታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. አይታዋለች። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። አሸዋማ ወለሉ ሰፊ፣ ሜዳማና ለእግር የሚመች ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳርዳሩም ቤት ተሠርቶበታል። ለሐምሌ 30 አጥቢያ ሌሊት ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ከባድ ዝናብ ጣለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ተራሮቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ውሃው ይህን ሁሉ ከፍታ የወረደው በአጭር ርቀት ነው። ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቤታቸውን አጡ። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ ኦሞም ሞልቶ በደሰነች ምድር ከሦስት መቶ በላይ ሕይወት ወሰደ።

ደቻቱ ዳር የነበሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። አሸዋውን ከዓመት እስከ ዓመት ደረቅ ሆኖ ያዩት ዓይኖች የነገሯቸውን አምነው ነው። የወንዙ መንፈስ ተረት የሚቃወመው ይህንኑ እምነት ነው። ወንዙ ባለቤት አለው ይላል፤ ባለቤቱ ዛሬ ባይኖርም ይመለሳል፤ ቤቱ ውስጥ ተኝተህ ካገኘህ ይወስድሃል። ውሃ መንገዱን እንደማይረሳ የሚያውቅ መሐንዲስም የሚለው ከዚህ አይርቅም። ልዩነቱ መሐንዲሱ የጎርፍ ወሰኑን በካርታ ላይ ያሰምራል፤ ሽማግሌው ደግሞ ወሰኑን በፍርሃት ያሰምራል። ካርታው ትክክለኛ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ማንበብ ለማይችለውም ደርሷል።

የማይቆጠር ማስረጃ

እዚህ ላይ ራሴን ማቆም አለብኝ። አንድን ተረት አንዴ ብልህ ነው ካሉ በኋላ ሳይንስ ያገኘውን ሁሉ ተረቱ ውስጥ ማየት ይቀላል። ቢልሃርዚያ ለዚህ አስተማሪ ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል በወንዝ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ይራባል፤ እጮቹ ከእርሷ ወጥተው በውሃው ይዋኙና የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። ከቀንድ አውጣዋ የሚወጡት በብርሃን ተቀስቅሰው ነው፤ በብዛት የሚለቀቁትም ከረፋድ እስከ ቀትርና ከዚያ ጥቂት በኋላ ነው። ማለትም ቀትር ላይ ወንዝ መግባት በእርግጥም ከሌላው ሰዓት የከፋ ነው። ይህን ያነበበ ሰው እነሆ አባቶቻችን ያውቁ ነበር ለማለት ይቸኩላል።

አያውቁም ነበር፤ ሊያውቁም አይችሉም ነበር። በሽታው ራሱን የሚያሳየው ውሃው ከነካህ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ ዛሬ ቀትር ላይ የገባህበትን ኩሬ ከሚመጣው ወር የሆድ ሕመም ጋር የሚያገናኝ ምልክት የለም። ስለዚህ ይህን ግጥምጥሞሽ እንጂ ማስረጃ አልለውም። እውነተኛው እውቀት የነበረው ሌላ ቦታ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወንዝ ሲመረምሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ለዓመታት ካጠኑት በኋላም ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። መርካቶ ውስጥ በጆንያ የሚሸጠው ያው እንዶድ ነው። ሴቶቹ ልብስ ለማጽዳት እንጂ ቀንድ አውጣ ለመግደል አልተጠቀሙበትም፤ ተረቱም ስለ ትል አልተናገረም። የምቹ ነገር ግን በከፊል የተለየ ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ቫይረስ አንዴ ከያዘ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ግን ኃይለኛ ፀሐይ ነው። እዚህ ላይ ግንኙነቱ በቀን በሁለት ቀን ስለሚታይ ሰው በርግጥ ሊያስተውለው ይችል ነበር፤ አስተውሎታልም። መለኪያዬ ይህ ነው። ምክንያትና ውጤት በዓይን ሊገናኙ በሚችሉበት ቦታ ተረቱን እንደ ምስክር እቀበላለሁ፤ በማይገናኙበት አልቀበልም።

ስምህን የሚያውቀው ድምፅ

ወደ ጫካው ስንገባም መለኪያው ይሠራል። በብዙ ቤት ሌሊት ስምህ ቢጠራ ደጋግሞ ሳይጠራህ አቤት አትበል ይባላል፤ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ጋኔን ከሆነ አንዴ ብቻ ይጠራል። ሮማዊው ፕሊኒ ከዛሬ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ በፊት በጻፈው መጽሐፍ፣ ጅብ በእረኞች ጎጆ አጠገብ ሆኖ የሰው ድምፅ ያስመስላል፣ የአንዱን ስም ተምሮ ይጠራዋል፣ ሲወጣም ይቦጫጭቀዋል የሚል ወሬ መዝግቧል። በእኛም አገር ጅብና መንፈስ፣ ጅብና ቡዳ የተነጣጠሉ አይደሉም። ጅብ ስም አይማርም። ግን ከወፍራም ተነሥቶ እየቀጠነ የሚወጣው ጩኸቱ ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል፤ ሳቅ የሚመስለውም፣ ልቅሶ የሚመስለውም ድምፅ አለው። የሲራራ ነጋዴ በቅሎዎቹን አስሮ እሳት ዳር ተኝቶ ሳለ ከጨለማው የሚመጣ፣ ሰው የሚመስል ድምፅ ሲሰማ፣ የጠፋ ባልንጀራው ነው ብሎ መነሣቱ የማይገመት አይደለም። ድምፁን ተከትሎ ከእሳቱ የራቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው ባልንጀሮቹ በነጋታው ያዩታል። ደጋግሞ እስኪጠራህ ጠብቅ የሚለው ሕግ እዚህ ላይ መንፈስ ኖረም አልኖረም የሚሠራ የማጣሪያ ዘዴ ነው።

ጋኔን መንገድ አሳተው የሚባለውም በዓይን የታየ ነው። ሰውየው ቀጥ ብዬ ሄድኩ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ አድሮ የተነሣበት ዛፍ ሥር ይነጋበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎችን በጫካና በቱኒዝያ በረሃ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አድርጎ ተከታትሏቸው ነበር። ፀሐይ የሚያዩት ቀጥ ብለው ሄዱ። ደመና የሸፈነባቸው የጫካ ተጓዦች ግን የራሳቸውን ዱካ ሳያውቁት መልሰው እያቋረጡ ዞሩ፤ ቀጥ ብለው እንደሄዱም እርግጠኞች ነበሩ። መንገደኛው ስለ ራሱ የተናገረው እውነት ነው። እግሩን ሌላ ነገር እንደመራው የተሰማው የገዛ አካሉ ስለከዳው ነው።

ተረት የደኅንነት መመሪያ ነው?

የባህል ጥናት ሰዎች እዚህ ላይ ተቃውሞ አላቸው፤ ከባድም ነው። መናፍስትን ወደ አደጋ ማስጠንቀቂያ መለወጥ ያመነባቸውን ሰው መናቅ ነው ይላሉ። ዛርን የሚያምን ሰው የሚያምነው ዛርን ነው፤ ስለ መስጠም በምስጢር እየተናገረ አይደለም። ደግሞስ መናፍስት የሚኖሩት ወንዝና ጫካ ብቻ ነው? አመድና ጥራጊ የሚደፋበት ቦታም ጋኔን አለው፣ ተራራም ቆሌ አለው፣ አድባሩ ደግሞ ይጠብቃል እንጂ አይጎዳም። ክልከላው ብዙ ጊዜ በሴቶች ላይ የጠነከረውስ ውሃው ለሴት የተለየ ስለሆነ ነው?

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ያመነው ሰው ያመነው መንፈሱን ነው፤ እኔ የምጠይቀው እምነቱ ምን ማለት እንደሆነ ሳይሆን ታሪኩ የት እንደቆየና ለምን እንደቆየ ነው። ስለ አመዱ የሚነገረውም ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ የአመዱ ጋኔን የረገጠውን ይመታል እንጂ ማንንም አይጠራም። አመድ ማንንም ስለማያምረው የሚጠራ መንፈስ አላስፈለገውም። በሴቶቹ ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው፣ ልክነታቸውም ሊሸፋፈን አይገባም። ወንዝ ልጃገረድ ከቤት ርቃ፣ ከአሳዳጊ ዓይን ወጥታ የምትገኝበት ቦታ ነበር። መልከ ቀናዋን የሚመኘው፣ ውሃ ዳር የሚጠብቀው «መንፈስ» አንዳንድ ጊዜ ሥጋ ለባሽ ወንድ ነበር። ታሪኩ ልጅቱን አስጠንቅቋት ይሆናል፤ ጥፋቱ ሲደርስ ግን ስም የሌለውን ጋኔን ከስሶ ስም ያለውን ሰው አድኗል።

> ታሪኩ ስም የሌለውን ጋኔን ከስሶ ስም ያለውን ሰው አድኗል።

ልክፍት የተባለው በሽታ

የተሳሳተ ምክንያት ትልቁን ዋጋ ያስከፈለው ግን በሚጥል በሽታ ነው። እዚህ ላይ ወደ ሲኒማ ራስ አካባቢ መመለስ ግድ ይላል። ምክንያቱም ከመርካቶው ግርግር ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ በአዲስ ከተማ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከአውቶቡስ ተራ ከሚወርዱት መንገደኞች ጥቂቶቹ ታማሚ ይዘው ወደዚያ የሚሄዱ ናቸው። ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ደብተራውን፣ ባለዛሩን፣ ጠበሉን አዳርሰዋል። ከታማሚዎቹም መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው አሉ። ቤተሰቡ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ታሪክ ይህ ነው። ልጁ ደኅና ነበር፤ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወደቀ፤ ውሃው ለከፈው።

የቀኑንና የቦታውን ነገር ቤተሰቡ አይዋሽም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚወድቀው ቤቱም ውስጥ፣ እርሻውም ላይ፣ ወንዝ ዳርም ነው። ቤት ሲወድቅ ይነሣል፤ ውሃ ዳር ወይም እሳት ዳር ሲወድቅ ግን ይሰጥማል ወይም ይቃጠላል። ሰው የሚያስታውሰውና ለትውልድ የሚያወራው እነዚያን ነው። ስለዚህ ውሃ የበሽታው መነሻ መሰለ። እዚህ ላይ እንኳ ተረቱ ስለ ቦታው ልክ ነበር፤ የዛሬ ሐኪምም ይህን ታማሚ ብቻህን ወንዝ አትውረድ፣ ብቻህን አትዋኝ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይለያያል። መንፈስ ነው የተባለውን ሰው በወደቀበት መንካት ያስፈራል፤ ለሐጩ ይጋባል ተብሎ ከአጠገቡ ይሸሻል፤ ቢበዛ ክብሪት ተጭሮ ጢሱን ያሸቱታል። ውሃ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ የጠራው መንፈስ እንዳይቀየም የሚያመነታ አይጠፋም፤ መስጠም ደግሞ የሚያመነታን አይጠብቅም። በሽታው አይጋባም። ክብሪቱ አያነቃም፤ መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ያልፋል። ማድረግ የሚገባው ከውሃና ከእሳት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም የወደቀው ውሃ ውስጥ ከነበረ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው ፌኖባርቢታልም ሆነ ሌሎቹ መድኃኒቶች በየቀኑ ሳይቋረጡ ከተወሰዱ አብዛኛውን ታማሚ ከመውደቅ ያድኑታል። የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ ሲሻላቸው ነው፤ መንፈሱ ለቀቀኝ ብለው። ያኔ መውደቁ ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ጠበሉን ተዉ ብለው ከቤተሰቡ ጋር እንደማይጣሉ ይናገራሉ። ጠበሉን እየተጠመቃችሁ ክኒኑን አታቋርጡ ይላሉ፤ ታማሚው ወደሚወርድ ውሃ ሲገባ ሰው ይያዘው ይላሉ። ሃይማኖቱን ለሃይማኖቱ ትተው ከልማዱ የሚያድነውን ክፍል ይጠብቃሉ፣ የሚገድለውን ያስተካክላሉ።

ከወንዙም በኩል የሚቀረው ሥራ ተመሳሳይ ነው። ለልጅ ወንዝ ጋኔን አለው ማለት ያቆመ ወላጅ በምትኩ የሚናገረው ከሌለው ልጁ ደረቁን አሸዋ ሜዳ አድርጎ ይጫወትበታል። የሚተካው እውቀት ረጅም አይደለም። ክረምት ላይ ወንዝ ውስጥ አትተኛ፣ ደጋው ላይ ደመና ካየህ ቆላው ላይ ፀሐይ ቢወጣም ከወለሉ ውጣ። ጠርቶ የነበረው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠል፣ ጭራሮና አረፋ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይ በኩል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ደራሹ ቀርቧል። ጓዝ ለመሰብሰብ አትመለስ፣ ለመሻገርም አትሞክር፤ ጉልበት የማይደርስ ፈጣን ውሃ አዋቂን ይጥላል። በወንዙ ርዝመት ወደ ታች አትሩጥ፣ ውሃው ይቀድምሃልና፤ በአጠገብህ ወዳለው ዳገት በቀጥታ ውጣ።